ግጥም ላይ ባዶ መስመር የት ይግባ?

«ጋሼ፣ የግጥም መድብል ለማሳተም እያዘጋጀሁ ነው። ግጥሞቼን በየአራት ስንኙ ባዶ መስመር እያስገባሁ ነው የምከፍላቸው፣ ለምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም፣ ሰው ሲያደርግ አይቼ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ስታነበው ‹ክፍተቱ ያደናቅፈኛል› አለችኝ። ባዶ መስመር የት ነው መግባት ያለበት? ደግሞ ወርድ ላይ ስጽፈው አንድ ዓይነት፣ ስልክ ላይ ስከፍተው ሌላ ዓይነት ይሆንብኛል።»

ጓደኛሽ ጥሩ ጆሮ አላት እህቴ፣ ያዣት። የአማርኛ ግጥም እኮ አንቺ Enter ከመንካትሽ በፊት ራሱ የሚቆምባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። አንዱ ሐረጉ ነው። የወል ቤት ብንወስድ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም ነው፣ ስድስት ሲሞላ አንባቢው ሳያስበው ትንሽ ያርፋል፣ ከዛ ሌላ ስድስት ይላል። ሁለተኛው መቆሚያ ቤት መምቻው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ «ታ» ብሎ ካለቀ ጆሮ ሌላ «ታ» ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተዘጋ ይላል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ እያደረግሽ ቤት የምትመቺ ከሆነ በየሁለት ስንኙ ወረቀት ላይ ምንም ባይታይም ጆሮ ውስጥ አንድ ትንሽ አንጓ ተዘግቷል ማለት ነው። ባዶ መስመር ሦስተኛው መቆሚያ ነው፣ ከነዚህ ሁለቱ በላይ የሚጫን፣ እና ሁሌም መጠየቅ ያለብሽ ይሄ ሦስተኛው ቤት ከሚዘጋበት ቦታ ጋር ይስማማ ወይስ ይጣላ የሚለውን ነው። መስማማትም መጣላትም ይቻላል፣ ሁለቱም ግን የተለያየ ነገር ነው የሚሰሩት።

በነገራችን ላይ ባዶ መስመር እኛ ጋ አዲስ ነገር ነው። መልክዕ፣ ያ ቅዱሳን የሚወደሱበት የግዕዝ ግጥም፣ አይተሽ ከሆነ እያንዳንዱ አርኬ፣ አንጓው ማለት ነው፣ አምስት ስንኝ ነው፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ቤት ይመታሉ፣ አብዛኞቹ አርኬዎች «ሰላም» ብለው ይጀምራሉ። ብራና ላይ ግን እንደዛ በመስመር በመስመር ተከፍሎ ላታገኚው ትችያለሽ፣ ብራና ቆዳ ነው፣ ውድ ነው፣ ጸሐፊው እንደ ስድ ንባብ አያይዞ ነበር የሚጽፈው፣ ማለቂያውን በነጥብ ያሳያል፣ የቅዱሱን ስም በቀይ ቀለም ያወጣል፣ በቃ። በቃልና በቃል መሃል እንኳን ሁለት ነጥብ ነበር እንጂ ባዶ ቦታ አልነበረም። እና ማንም አይደናቀፍም ነበር፣ ለምን ብትዪ ግጥሙ የሚነበበው በዜማና በቃል ነው፣ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው የሚያዜመው ሰው ነው። አንቺ ግን መድብል ነው የምታሳትሚው፣ አንባቢው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ በዓይኑ ነው የሚያነበው፣ ድምፅሽ የለም። ባዶ መስመሩ የሚተካው ያንን ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ድምፅሽ በማይቆምበት ቦታ ባዶ መስመር ከገባ ጓደኛሽ ያለችው መደናቀፍ ይመጣል።

አሁን አማርኛ ላይ በጣም ወሳኝ የሆነውን ነገር ልንገርሽ፣ ስለ እንግሊዝኛ ግጥም አቀማመጥ የሚጽፉ ሰዎች ስለሱ አይነግሩሽም ምክንያቱም የነሱ ቋንቋ እንደዛ አይሰራም። አማርኛ ላይ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ማን ምን እንዳደረገ፣ አደረገ ወይስ አላደረገም፣ ሊያደርግ ነው ወይስ አድርጎ ጨርሷል፣ ይሄ ሁሉ ታስሮ የሚቀመጠው እዛ መጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። «ልጅቷ ደብዳቤውን ለአባቷ» ብለሽ ብታቆሚ ሰጠችው ይሁን ደበቀችው ይሁን አልሰጠችውም ይሁን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከማሰሪያው በፊት ባዶ መስመር ስታስገቢ አንባቢው አየር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ከማሰሪያው በኋላ ስታስገቢ ደግሞ መሬት ላይ ያርፋል። አንድ ባዶ መስመር ነው፣ ቦታው በአንድ ስንኝ ሲቀየር ግን ከማሳረፍ ወደ ማንጠልጠል ይዞራል። ብዙ ጀማሪ ይሄን ሳያስተውል በየአራቱ ይቆርጣል፣ አራተኛው ስንኝ «ይዞ» ወይም «ሲሄድ» ብሎ ካለቀ ዓረፍተ ነገሩ ገና ነው፣ ባዶ መስመሩ ግን «አርፈሽ ተቀመጪ» እያለ ነው። ገጣሚው ሆን ብሎ ካላደረገው ያ ነው የሚያደናቅፈው።

እስቲ በምሳሌ እንየው፣ የሰው ግጥም ከምነካ እዚሁ የጻፍኳትን አራት ስንኝ የወል ቤት ልጠቀም።

እናቴ ከበሩ በርጩማ አስጠግታ
መንገዱን እያየች ጠዋትና ማታ
ወንድሜ በሌሊት ሻንጣውን ተሸክሞ
በጓሮ በር ገብቶ ተኝቷል ደካክሞ

እንዲህ ተያይዛ ስትቀመጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትነበበው። ማሰሪያዋ አንድ ብቻ ናት፣ «ተኝቷል»፣ እሷም አራተኛው ስንኝ ላይ ናት፣ «አስጠግታ»፣ «እያየች»፣ «ተሸክሞ»፣ «ገብቶ» ሁሉም ወደ እሷ የሚሮጡ ናቸው። ስለዚህ ወሬ ሲወራ ዓይነት ፍጥነት ነው ያላት፣ አንድ ሰው ጎረቤት መጥቶ የሆነውን ነገር ቶሎ እንደሚያወራልሽ። ትንሽ ሳቅም አላት፣ እናትየው ዋናውን በር ስትጠብቅ ልጁ በጓሮ ገብቶ ተኛ። ያንን ሳቅ ከፈለግሽው ምንም አትንኪ።

አሁን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ክፈቻት።

እናቴ ከበሩ በርጩማ አስጠግታ
መንገዱን እያየች ጠዋትና ማታ

ወንድሜ በሌሊት ሻንጣውን ተሸክሞ
በጓሮ በር ገብቶ ተኝቷል ደካክሞ

እዚህ ባዶ መስመሩ ከቤቱ ጋር ተስማምቷል፣ «ታ» ተዘግቷል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልተዘጋም፣ «እያየች» ማሰሪያ አይደለም፣ እና የሚገርመው ይሄ ለግጥሙ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እናትየው ባዶው መስመር ላይ እያየች ትቀራለች። ጠዋትና ማታ የተባለው ጊዜ እዛ ክፍተት ውስጥ ያልፋል፣ አንድ ቃል ሳትጨምሪ። ደግሞ ሁለት ቦታ ተፈጠረ፣ ላይኛው አንጓ የፊት በር ነው፣ ታችኛው የጓሮ በር፣ እናትና ልጅ ገጹ ላይ ራሱ አይገናኙም። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ሳቁም ቀነሰ፣ የእናትየው መጠበቅ ከበደ።

ቀጥሎ ከሦስተኛው በኋላ እንክፈት።

እናቴ ከበሩ በርጩማ አስጠግታ
መንገዱን እያየች ጠዋትና ማታ
ወንድሜ በሌሊት ሻንጣውን ተሸክሞ

በጓሮ በር ገብቶ ተኝቷል ደካክሞ

ይሄኛው ከቤቱ ጋር ሆን ብሎ የሚጣላ ነው። «ተሸክሞ» ላይ ጆሮ ሌላ «ሞ» እየጠበቀ ነው፣ ሰዋስውም ማሰሪያ እየጠበቀ ነው፣ ሁለቱም ሳይመጡ ባዶ መስመር መጣ። አንባቢው በዚህች ቅጽበት ምን ያስባል? ሦስቱ ስንኞች አንድ ላይ ስለሆኑ እናትየው መንገዱን እያየች ነው፣ ልጁ ሻንጣ ተሸክሟል፣ እንግዲህ ሊገናኙ ነው ይላል። መጨረሻው ስንኝ ብቻውን ሲመጣ ያንን ያፈርሰዋል። «በጓሮ» የምትለዋ ቃል በመጀመሪያው አቀማመጥ ላይ ዝም ብላ ያለፈች ቃል ነበረች፣ አሁን ከባዶው መስመር ቀጥላ ስለመጣች ሙሉውን ክብደት ተሸከመች። ከባዶ መስመር በፊት ያለችው የመጨረሻ ቃልና ከባዶ መስመር በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ቃል ሁሌም ከሌሎቹ በላይ ይሰማሉ፣ እኔ የሰው ረቂቅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው፣ «እና»፣ «ደግሞ»፣ «ያኔ» ዓይነት ባዶ ቃላት ከሆኑ ክፍተቱ ያለ ቦታው ነው ወይም ስንኙ እንደገና መሰራት አለበት።

ሌላ ሙከራ ልጨምርልሽ፣ ይሄኛው ቴሌግራም ላይ በብዛት የማየው ነው፣ ሐረጉን ራሱ ሰብሮ ማውረድ።

በጓሮ በር ገብቶ

ተኝቷል

ደካክሞ

«ተኝቷል» ብቻዋን ስትቆም ታምራለች አይደል? ግን «ደካክሞን» እያት። ቤት ለመምታት ተብላ ከማሰሪያው በኋላ የተጎተተች ቃል ናት፣ ተያይዛ ስትነበብ ማንም አይነቃባትም፣ ብቻዋን ስትቆም ግን ምንም አዲስ ነገር እንደማትጨምር ይታያል፣ ሻንጣ ተሸክሞ በሌሊት የመጣ ሰው መድከሙን አውቀነዋል። ባዶ ቦታ ደካማ ቃልን አያጠነክርም፣ ያጋልጣል። ስለዚህ ስንኙን እንዲህ መስበር ከፈለግሽ መጀመሪያ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ቃል ብቻዋን መቆም ትችላለች ወይ በይ፣ ካልቻለች ወይ አትስበሪው ወይ ስንኙን ቀይሪው። በተረፈ ሙሉውን ግጥም በየሐረጉ ብታወርጂው ሌላም ነገር ይመጣል፣ ዓይን በየስድስት ቀለሙ ወደ ግራ ስለሚመለስ ንባቡ ይዘገያል፣ ቤት መምቻው ደግሞ በየመስመሩ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት መስመሩ ይሆናል፣ እየራቀ ስለሚሄድ አንባቢው ግጥሙ ቤት የሚመታ መሆኑንም ሊረሳው ይችላል። ለቀስ ያለ፣ ለሐዘን ቀረብ ያለ ግጥም ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለፉከራና ለሽሙጥ ግን ይገድለዋል።

እኔ ከነዚህ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፣ ግጥሟ አራት ስንኝ ብቻ ከሆነች ማለቴ ነው። ረጅም ግጥም ውስጥ መግቢያ ብትሆን ኖሮ ሁለተኛውን እመርጥ ነበር ምክንያቱም ያ የመጨረሻ ስንኝ ብቻውን መውደቁ የመጨረሻ ምት ነው፣ ገና መጀመሪያ ላይ ካባከንሽው በኋላ ምን ታደርጊያለሽ።

ወደ በየአራቱ ጉዳይ እንመለስ። በየአራቱ መክፈል ስህተት አይደለም፣ ዘፈን የሚሆን ወይም አዝማች ያለው ግጥም ከሆነ እንደዛ ነው መሆን ያለበት። ግን አንድ ነገር እወቂ፣ እኩል እኩል የሆነ ክፍተት ከሦስትና ከአራት አንጓ በኋላ አይሰማም፣ አንባቢው ይለምደውና እንደ ሰዓት መቁጠሪያ ያልፈዋል፣ አጽንዖት መስጠቱን ያቆማል። ይሄ ራሱ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ያን ልማድ ከፈጠርሽ በኋላ አንድ ቦታ ላይ በድንገት አንድ ስንኝ ብቻውን ብታቆሚ ያ ስንኝ ይጮሃል። አንዴ ነው ግን። በአንድ ግጥም ሦስት አራት ጊዜ ካደረግሽው ማንም አይደነግጥም፣ ሌላ ልማድ ሆነ ማለት ነው። ጓደኛሽን ያደናቀፋት ምናልባት ሌላው ነገር ነው፣ ግጥምሽ በየስድስት ስንኙ ሐሳብ የሚዘጋ ሆኖ አንቺ በየአራቱ ከከፈልሽው ሁለቱ አንዴ ይገጥማሉ አንዴ ይተላለፋሉ፣ አንባቢው ደግሞ የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። ይሄን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ባዶ መስመሮቹን በሙሉ አጥፊና ጥርቅም አድርገሽ ፕሪንት አውጪው፣ ግጥሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጪና ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጊ፣ አንቺ በእርሳስ ረዘም ብሎ የቆመበትን ሁሉ ምልክት አድርጊ። ከዛ ከራስሽ ክፍፍል ጋር አስተያዪው። የተገጣጠሙትን ተያቸው። ያልተገጣጠሙት ላይ ነው ሥራው፣ እዛ ቦታ ላይ «እኔ ሆን ብዬ ነው ልሰብረው የፈለግኩት» ማለት ከቻልሽና ለምን እንደሆነ ከነገርሽኝ ይቀመጥ፣ ካልቻልሽ ይጥፋ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ያ የነጥብ ሰልፍ፣ ስንኝ መጨረሻ ላይ የሚደረደረው ስድስት ሰባት ነጥብ፣ እባክሽ ቀንሺው። እሱ እኮ የባዶ ቦታን ሥራ ነው የሚሰራው፣ «እዚህ ቆይ» ማለት ነው። ነጥቡም ኖሮ ባዶ መስመሩም ኖሮ አራት ነጥቡም ካለ ሦስት ጊዜ ቁም ተባለ፣ አንባቢ ደግሞ አንዴ ሲነገረው ይበቃዋል። ባዶ መስመሩን ካመንሽው ነጥቦቹን አጥፊ።

አሁን ወርዱ። የሚበላሽብሽ በአብዛኛው በዚህ ነው፣ ወርድ ላይ Enter ስትጫኚ አዲስ መስመር ብቻ ሳይሆን አዲስ አንቀጽ ነው የሚጀምረው፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ደግሞ ራሱ 8 ነጥብ ያህል ክፍተት ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ ሥር ትንሽ ክፍተት ይኖራል፣ በአንጓና በአንጓ መሃል ያለው ባዶ መስመር ደግሞ የሚገባውን ያህል ጎልቶ አይለይም፣ ሁሉም ስንኝ ብቻውን የቆመ ይመስላል። መፍትሔው ስንኝ ሲያልቅ Shift+Enter፣ አንጓ ሲያልቅ ብቻ Enter ነው። እንደዛ ስታደርጊ አንድ አንጓ አንድ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው፣ ከዛ የአንቀጹን ክፍተት አንዴ ከላይ ታስተካክያለሽ፣ ሁለቴ Enter መጫን አያስፈልግም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም ቁመቱ ተቀራራቢና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መስመር ከመስመር ትንሽ ራቅ ማለት አለበት፣ ፊደሉ 12 ከሆነ መስመሩን 18 አካባቢ አድርጊው፣ የአንጓው ክፍተት ደግሞ በግልጽ ከዛ ይበልጥ፣ ተጨማሪ 12 እስከ 18 ነጥብ ይበቃል። ዓይን ጨፍነሽ ስትገልጪ አንጓዎቹ ወዲያው ካልተለዩ አልበቃም። ጽሑፉን በግራ ብቻ አስይዢው፣ በሁለቱም በኩል እኩል አድርጊው ካልሽው Shift+Enter ያለበትን መስመር ሁሉ ወጥሮ ይለጥጠውና ቃላቱ መሃል ያላዘዝሽው ባዶ ቦታ ይሞላል።

ገጽ ሲቆረጥ የሚመጣው ችግር የባሰ ነው ምክንያቱም ኮምፒውተር ላይ አይታይሽም። አንጓ ገጽ መጨረሻ ላይ ካለቀ የሚቀጥለው ገጽ ላይ አዲስ አንጓ ይጀምር ወይስ ያው ይቀጥል አንባቢው ማወቅ አይችልም፣ ባዶ መስመርሽ በኅዳግ ተዋጠ። አንጓው መሃሉ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ያልፈለግሽው ክፍተት ገባ። የአንቀጽ ማስተካከያው ውስጥ Keep lines together የሚል አለ፣ እሱን ካበራሽ አንጓው ሳይቆረጥ ሙሉውን ወደሚቀጥለው ገጽ ይዞ ይሄዳል፣ ለዚህም ነው አንጓውን አንድ አንቀጽ አድርጊ ያልኩሽ። ገጹ አንጓ ጨርሶ በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ከተቻለ ግጥሙን ከግራ ገጽ አስጀምሪውና ሁለቱ ገጾች ፊት ለፊት ይሁኑ፣ ቢያንስ መገልበጥ የለም።

ስልኩ ላይ የሚሆነው ስንኝሽ ከስክሪኑ ስለሚሰፋ ነው። የወል ቤት ስንኝ ፊደል ያሳደገ ሰው ስልክ ላይ መጨረሻዋ ቃል ትወድቃለች፣ የጸጋዬ ቤት ከሆነ ሐረጉ 8 በ8 ስለሆነ የባሰ ነው፣ እና የምትወድቀው ቃል ሁሌም ቤት መምቻዋ ናት፣ ብቻዋን ቆማ አዲስ ስንኝ ትመስላለች። ለስልክ የምትለጥፊውን ግጥም ለብቻው አዘጋጂው፣ ሐረጉ ላይ ራስሽ ስበሪውና ሁለተኛውን ሐረግ አውርጂው፣ በአንጓና በአንጓ መሃል ብቻ ባዶ መስመር ተዪ። በስፔስ ገፋ ገፋ አድርገሽ የሰራሽው ቅርጽ ካለ ግን ጽሑፉን አትለጥፊ፣ ፎንት ሲቀየር ስፔሱ ስፋቱ ስለሚቀየር ይፈርሳል፣ በምስል አድርገሽ ላኪው። ለመጽሐፉ ደግሞ ኤ5 ከሆነ የገጹ ስፋት 148 ሚሊሜትር ነው፣ ኅዳጉን ከመወሰንሽ በፊት ከመድብሉ ውስጥ ረጅሙን ስንኝ ፈልጊና እሱን ለክተሽ ጀምሪ። እሱ ከገባ ሌሎቹ ይገባሉ። ካልገባ ፊደሉን ለአንድ ግጥም ብለሽ አታሳንሺ፣ የተረፈውን ቃል ወደ ታች አውርደሽ ከግራ ኅዳግ በደንብ ገባ አድርጊው፣ አንባቢው የላይኛው ስንኝ ቅጥያ መሆኑን ከቦታው ይረዳል። ማተሚያ ቤት ስትልኪ በፒዲኤፍ ላኪ፣ የወርዱን ፋይል ከላክሽ ፎንቱ እዛ ከሌለ ስንኞቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ የሙከራ ቅጂ ሲመጣልሽም ፊደል ግድፈት ብቻ አትፈልጊ፣ አንዴ ሙሉውን ባዶ መስመሮቹን ብቻ እየተከተልሽ ገልብጪው።